ስድስት መቶ ሰው ያየው ማስታወቂያ

ኛኪየር ሪክ ዚፕ ስትገጥም አትቸኩልም። በመጀመሪያ የቀሚሱን ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ ትዘረጋለች። ከአንገቱ ሥር ጀምራ በሜትር ሃምሳ ሳንቲም ትለካና ማብቂያውን በሳሙና ስባሪ ትጭራለች። ዚፑን ከፍታ አንዱን ጎን በአራት ስፒል ትይዛለች፤ ስፒሎቹን ከከንፈሯ ላይ አንድ በአንድ እየለቀመች ነው። ቀጥላ በእጇ ሰፋ ሰፋ አድርጋ ትወጋዋለች። ይህ ክር ኋላ ተመዞ የሚጣል ነው፤ ግን እሱን የዘለለ ሰው ዚፑ ወገብ ላይ ሲጣመም ያያል። የማሽኑን እግር ፈትታ በጠባቡ ትለውጣለች፣ ጉልበቷን ታስተካክላለች፣ ትሰፋለች። በመጨረሻ ዚፑን ሦስት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ታች ትስባለች። ካልያዘ፣ ካልቆረፈደ፣ አልቋል።

በዚያ ማክሰኞ፣ በየካቲት ወር፣ አሥራ አራት አንድ ዓይነት ቀሚሶች እጇ ላይ ነበሩ። ሰማያዊ ናቸው፤ አንገታቸው ነጭ። የጀዊ ስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች መዘምራን እሑድ ለጉባኤ የሚለብሷቸው ናቸው። የቀሩት የሦስቱ ዚፕና የአንዳንዶቹ ቅምቅማት ብቻ ነበር። ቀና ብላ የሱቁን ባለቤት ጠየቀች።

«እትዬ የሺ፣ ዓርብ ይደርሳል ብዬ ልንገራቸው?»

ወይዘሮ የሺአረግ ጨርቅ እየቆረጡ ነበር። ቀና አላሉም። «ንገሪያቸው።»

ኛኪየር የማሽን ዘይት የነካውን አውራ ጣቷን በጨርቅ ጠረገች፤ ስልኳን አነሣች፤ የሱቁን የቴሌግራም ቻናል ከፍታ የማይክሮፎኗን ምልክት ተጫነች። በኑዌርኛ ተናገረች፦ «የጀዊ እናቶች፣ ኛኪየር ነኝ። አሥራ አራቱም ቀሚስ ዓርብ ያልቃል። ዓርብ ጠዋት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ፣ በእናንተ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ኑና ውሰዱ። ለክታችሁ ነው የምትወስዱት፤ ስለዚህ ባለ ቀሚሷ ራሷ ትምጣ።» ጣቷን ስታነሣ ድምፁ ሄደ።

ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ ካልተነገረ የሆነው ነገር አይገባም።

ኛኪየር ጋምቤላ ከተማ ያደገች ናት። አባቷ ሪክ ጀልባ ይቀዝፍ ነበር፤ የእናቷ ወገኖች ደግሞ ከድንበር ማዶ፣ ከደቡብ ሱዳን ናቸው፤ ግማሾቹ ዛሬ ጀዊ ይኖራሉ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በልብስ ስፌት ተመርቃ ወይዘሮ የሺአረግ ዘንድ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ወይዘሮ የሺአረግ የመቱ ሰው ናቸው። ባላቸው አስተማሪ ሆነው ሲመደቡ አብረው ወርደው፣ ባላቸው ሲሞቱም ሱቃቸውን ይዘው እዚሁ ቀሩ። ቆራጭ ናቸው፤ የሳቸው መቀስ ያለፈበት ጨርቅ አንድ ጣት አይባክንም። ቻናሉንም የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ከሁለት ሺህ በላይ ተከታይ አለው። በአማርኛ ይጽፋሉ፣ የቀሚስ ፎቶ ይለጥፋሉ። የከተማው ሰው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የቢሮ ሠራተኛው ያነባል።

ጀዊ ግን አያነብም። ማንበብ ስላልቻለ አይደለም። እናቶቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በኑዌርኛ፣ በላቲን ፊደል ያነባሉ። የግዕዙን ፊደል ግን ማንም አላስተማራቸውም። በዚያ ላይ ስልክ ያላት ከብዙዎቹ አንዷ ናት። ውኃ ሊቀዱ ሲሰለፉ አንዷ ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጄሪካኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ አሥራ አምስቱ ይሰማሉ። ስለዚህ አምና መብራት በፈረቃ ሆኖ ሱቁ የሚሠራበት ሰዓት ሲለወጥ ኛኪየር የሱቁን ባለቤት አንድ ነገር ጠየቀች፤ «ጽሑፉን እርስዎ ይጻፉ፤ ከሥሩ እኔ በኑዌርኛ በድምፅ ልናገር።» ወይዘሮ የሺአረግ ፈቀዱ። በአማርኛው «ከጠዋቱ አንድ እስከ ሰባት ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ። በድምፁ «ከሰባት እስከ አንድ» ተባለ፤ ጀዊ ሰዓቱን የሚቆጥረው በደቡብ ሱዳን ልማድ ነውና። ማንም ተሳስቶ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይህ ሆነ። ሱቁ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሰዓት ሲለውጥ፣ መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ድምፅ። ጀዊ ውስጥ የሱቁን ስም የሚያውቅ የለም፤ «የኛኪየር ድምፅ ምን አለ?» ነው የሚባለው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ሊጠፋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ወይዘሮ የሺአረግ መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ነገ ጠዋት መቱ ነኝ» አሉ። «የእኅቴን ልጅ ልንድር ነው። ሱቁ እስከሚቀጥለው ዓርብ ይዘጋል።»

ኛኪየር ማሽኑን አቆመች። «ነገ?»

«ነገ። አማርኛ ጠፋሽ?»

«ዓርብ ኑ ብያቸዋለሁ እኮ፣ እትዬ የሺ። ማክሰኞ ጠይቄዎት ንገሪያቸው ብለውኛል።»

«አዎ ብዬሻለሁ።»

«ሠርጉን ያወቁት ማክሰኞ ማታ ነው?»

ወይዘሮ የሺአረግ ፈገግ አሉ፤ ደስ የማይል ፈገግታ ነበር። «ሠርግ የሚታወቀው ከወር በፊት ነው። ጠላ በአንድ ቀን ይጠነሰሳል እንዴ? ስሚ፣ እኔ ሃያ ዓመት ነግጃለሁ። ሳምንት ሲቀረው እዘጋለሁ ብለሽ ካወጅሽ፣ በማግሥቱ ደንበኛው ሁሉ መጥቶ ‹ጨርቄን መልሺልኝ› ይላል። ጨርቁን ተቀብሎ ማዶ ያለው ሰፊ ይቆርጠዋል። የማዶው ሰው አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው የኔን መዘጋት ነው። ጨርቁ እዚህ ከተቆለፈ ግን የትም አይሄድም። ይጠብቃል።»

«ጨርቁ ይጠብቃል። ጉባኤው ግን እሑድ ነው።»

«እግዜር ልብስ አያይም፤ የእናንተ ፓስተር አይደል እንዲህ የሚለው?»

ኛኪየር ወንበሯን ወደሳቸው አዞረች። «ቁልፉን ይተዉልኝ። ሌሎቹን አልነካም። ሦስቱን ዚፕ ጨርሼ፣ አሥራ አራቱን አስረክቤ እዘጋለሁ።»

«ማሽኔን፣ ጨርቄን፣ ሱቄን ላንቺ ትቼ? ጀዊ ያለው ዘመድሽ ስንት ነው? መቶ? ሁለት መቶ?»

ይህ ቃል ኛኪየር ደረት ላይ ገባ። ስድስት ዓመት ክር ሳታጎድል ሠርታለች። የመጨረሻውን ጠየቀች፤ «እንግዲያው አሁን በድምፅ ልንገራቸው። ዛሬ ከሰሙ አይመጡም።»

«ዛሬ ከሰሙ ነገ በሌሊት ተነሥተው በሬ ላይ ይቆማሉ። አትናገሪም። እኔ እጽፋለሁ፤ ይበቃል። ጥፊ አሁን፣ ማሽኑን ሸፍኚ።»

ጽሑፉ የወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ዳርና ዳሩ አበባ ነበረው። «ውድ የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ከነገ ሐሙስ ጀምሮ ድርጅታችን ለጊዜው ዝግ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እንገልጻለን።» የሚከፈትበት ቀን የለውም። በውስጡ ያለ ልብስ ምን ይሆናል የሚል የለውም። ከሥሩ ድምፅ የለውም።

እዚህ ላይ ኛኪየር ራሷን ነጻ አታደርግም። ስልኳ እጇ ላይ ነበር። የቻናሉ አስተዳዳሪ ስለነበረች መናገር ትችል ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሐሙስ ጠዋት አሰበች፣ ሐሙስ ቀትር አሰበች፣ ሐሙስ ማታም አሰበች። ሥራዬን አጣለሁ ብላ ፈራች። ደግሞም ከመዘምራኑ የአንዷ ልጅ ከተማ ይማራል፤ አማርኛውን አንብቦ ይነግራቸዋል ብላ ራሷን አታለለች። በተለይ ይህ የኋለኛው ነው ዛሬም የሚያንገበግባት። ፍርሃት ፍርሃት ነው፤ ሰው የማይችለውን በሌላ ሰው ልጅ ላይ መጫን ግን ሌላ ነው።

ዓርብ ጠዋት አሥራ አንድ ሴቶች ከጀዊ በአንድ አይሱዙ ጀርባ ላይ ቆመው መጡ። ሦስቱ ሕፃን አዝለዋል። የሱቁ በር ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቆርቆሮ፣ ሁለት ጓጉንቸርና አንዲት በአማርኛ የተጻፈች ወረቀት ጠበቃቸው። ጎረቤት ብሎኬት የሚሸጠው ኮአንግ ወረቀቱን ተረጎመላቸው። ከዚያ ኛኪየር ቤት አቅጣጫ ጣቱን ቀሰረ።

ኛኪየር ሳህን እያጠበች ነበር። አጥሩ በር ላይ ድምፃቸውን ስትሰማ ማን እንደሆኑ አወቀች፤ እጇን ሳትጠርግ ወጣች። ከፊት የቆመችው ኛጃል ናት፤ የመዘምራኑ መሪ፣ ረጅም፣ ግንባሯ ላይ የነጠብጣብ ጌጥ ያላት፣ ዕድሜዋ ከኛኪየር እናት የማያንስ።

«የሪክ ልጅ» አለች ኛጃል በኑዌርኛ። ሰላምታ የለውም። «ጉሮሮሽ ታሟል እንዴ?»

«አልታመመም፣ እናቴ።»

«እንዴት ደስ አለኝ። ‹ዓርብ ኑ› ሲል ደህና ነበር። ‹ዓርብ አትምጡ› ለማለት ሲሆን ጠፋ። እኛ ምላስሽን አዞ በላው ብለን ልናለቅስ መጣን።»

ከኋላ ሳቁ። የደስታ ሳቅ አልነበረም። አንዷ ጣልቃ ገባች፤ «ተይያት፣ ከተሜ ሆናለች። ለኛ ስትናገር ድምፅዋ ያልቃል።»

«እኔ አይደለሁም የዘጋሁት» አለች ኛኪየር።

«ማን ዘጋ ብለን ጠየቅንሽ?» ኛጃል አንድ እርምጃ ቀረበች። «የበሩ ባለቤት ትዝጋ፤ በሯ ነው። እኛ ያቺን ሴትዮ አናውቃትም። ስሟንም አናውቅም። እኛ ጨርቃችንን የሰጠነው ለድምፅሽ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ውኃ ስንቀዳ ‹ኛኪየር ዓርብ ብላለች› ስንባባል ከረምን። ይህቺ» ሕፃን ያዘለችውን ጠቆመች፤ «ወልዳ ሦስት ሳምንቷ ነው። ባለ ቀሚሷ ራሷ ትምጣ ስላልሽ መጣች። ንገሪያት እስቲ። ምን ትያታለሽ?»

ኛኪየር ወደ ወላዷ ተመለከተች። ሴትዮዋ ምንም አላለችም፤ ጥላ ፈልጋ ወደ ኒሙ ዛፍ ሄደች። ኛኪየር ከስድቡ ሁሉ ያ ዝምታ እንደባሰባት ትናገራለች።

መቱ ደወለች። ከበሮ ይሰማል። ወይዘሮ የሺአረግ በሦስተኛው ጥሪ አነሡ።

«እትዬ የሺ፣ የጀዊ ሴቶች መጥተው ደጄ ላይ ቆመዋል።»

«ለምን መጡ? ጽፌያለሁ።»

«አማርኛ አያነቡም።»

«ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አይቶታል! ቁጥሩ ከሥሩ አለ፣ አሁን አይቻለሁ። ስድስት መቶ ሰው ያየውን እነሱ ብቻ ካላዩ ጥፋቱ የማን ነው?»

«ቁጥሩ የከፈተውን ነው የሚቆጥር። እነሱም ከፍተውታል። ያዩት አበባ ነው፤ የበዓል መልካም ምኞት መስሏቸው አለፉት።»

«እንግዲህ ይማሩ!» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ።

«ቁልፉን በሹፌር ይላኩልኝ። ዛሬ ከሰዓት የሚወርድ መኪና አለ።»

«ላንቺ? አልልክም።»

«ለኮአንግ ይላኩ። እሱ ከፍቶ ያስረክብ።»

«አልልክም አልኩ! ሠርግ ላይ ነኝ። ዛሬ ለነሱ ከከፈትኩ ነገ ሁሉም ክፈቺ ይለኛል። ንገሪያቸው፣ ሳምንት ይምጡ።» ስልኩ ተዘጋ።

ኛኪየር ስልኩን ይዛ ቆመች። ሴቶቹ አማርኛው ባይገባቸውም ፊቷን ያነቡ ነበር። ኛጃል እጇን አጣጥፋ፣ «ምን አለች ያቺ ስም የለሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ሳምንት ኑ አለች።»

«ጉባኤውንም ወደ ሳምንት እናዛውረው በያ። ደውይና ለፓስተሩ ንገሪ፤ ድምፅሽን ይወዳል።»

ያን ጊዜ ኛኪየር የምታደርገው ነገር ታወቃት። ቢያንስ ነገ የሚመጡ አሉ። የሕፃን ልብስ ያስለካች አለች፤ ቅዳሜ የሚወስዱ ሁለት የከተማ ደንበኞች አሉ፤ ከኢታንግ ጨርቅ ልካ እሑድ እመጣለሁ ያለችም አለች። እነሱም በሩ ላይ ሊቆሙ ነው። ሴቶቹን አስከትላ ወደ ሱቁ ሄደች፤ የተዘጋው ቆርቆሮ አጠገብ ቆመች። እዚያ የሄደችው ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ መልሷ አጭር ነው፤ «ቤቴ ሆኜ ብናገር አላፍርም ነበር።»

ማይክሮፎኑን ተጫነች። በኑዌርኛ እንዲህ አለች፦

«ኛኪየር ነኝ። የምናገረው ከሱቁ በር ላይ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። የተዘጋው ትናንት ነው፤ የሚከፈተው የሚመጣው ዓርብ ጠዋት በሰባት ሰዓት ነው። እስከዚያ ማንም አይምጣ፤ ለመኪና ብር አታውጡ። ልብሳችሁ ውስጥ ነው፤ አልጠፋም፣ አልተሸጠም። ቁልፉ ከሱቁ ባለቤት ጋር መቱ ነው፤ እኔ ጋ የለም። ማክሰኞ ዓርብ ኑ ያልኩት እኔ ነኝ። ረቡዕ መዘጋቱን ሰምቼ ያልነገርኳችሁም እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። አሁን አሥራ አንድ እናቶች ፀሐይ ላይ ቆመዋል፣ በኔ ምክንያት። ከእነሱ ሌላ ሰው እንዳይጨመር የሰማችሁ ላልሰማ ንገሩ። ቁልፍ የሚላክ ከሆነ በዚሁ ድምፅ እናገራለሁ። ካልተናገርኩ አልተላከም።»

ቀጥላ ያንኑ በአማርኛ ጻፈች። የሚከፈትበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ልብሱ ያለበትን፣ ሁሉንም በስድስት መስመር፤ አበባ አልጨመረችም። ሁለቱንም አናት ላይ ሰካቻቸው፤ ቻናሉን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ እነሱን እንዲያይ።

ኛጃል እስክትጨርስ ጠበቀች። «ጥሩ ተናገርሽ» አለች። «ረቡዕ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጠቃሚ ነበር።»

ድምፁ ከቀትር በፊት ጀዊን ዞረ። ከዚያ ወጥቶ ከተማ ገባ። የከተማው ሰው አማርኛውን አንብቦ ከሥሩ መጻፍ ጀመረ፤ «እኛም ልብስ አለን»፣ «የሚከፈትበት ቀን አለ እንዴ? ለምን በፊት አልተባለም?»፣ «ሠርግ ሲሄዱ የኛን ሠርግ ልብስ ቆልፈው!» ማዶ ያለው ሰፊ ሳይቀር ገብቶ «እኛ ክፍት ነን» ብሎ ጻፈ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የወይዘሮ የሺአረግን ስልክ ከኮአንግ ተቀብለው ደወሉ፤ አንድ ጊዜ አይደለም። ሙሽራዋ ስትሸኝ ስልካቸው ይጮኽ ነበር ይባላል።

ወደ ማምሻው ለኛኪየር ደወሉላት።

«በዚያ ቋንቋችሁ ምን ብለሽ ሰደብሽኝ?»

«አልሰደብኩዎትም። በአማርኛ የጻፍኩትን ነው የተናገርኩት።»

«ቁልፉ እሷ ጋ ነው ብለሽ ሰው አስነሣሽብኝ።»

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው።»

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ስሚ! ውሻ እንኳ የሚጮኸው ለበላበት ነው። አንቺ የበላሽበትን ነከስሽ። ከዛሬ ጀምሮ ሱቄ ደጃፍ እንዳትደርሺ። ቁልፉን ልኬያለሁ፤ ላንቺ አይደለም፣ ለኮአንግ ነው። በሩን ስትረግጪ ካየ ይዘጋዋል፤ ነግሬዋለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ኛኪየር ቻናሉን ከፈተች። የተናገረችውም የጻፈችውም ጠፍቷል። የማይክሮፎኗም ምልክት የለም፤ ከአስተዳዳሪነት ተሰርዛለች፤ እንደማንም ተከታይ ሆናለች። ነገር ግን ጠፋ የተባለው ድምፅ ጀዊ ውስጥ አልጠፋም። አንዷ ወደ መዘምራኑ ቡድን፣ ቡድኑ ወደ እናቶች ኅብረት አስተላልፎታል፤ የተላለፈው ቅጂ ከቻናሉ ሲሰረዝ አብሮ አይሰረዝም። ኛኪየርም ቁልፉ መላኩን የተናገረችው በዚያው በመዘምራኑ ቡድን ነው። «ተልኳል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሦስት ሴት ብቻ ይምጡ፤ የሁሉን ቆጥረው ይወስዳሉ» አለች። ሁሉንም ለሁለተኛ ጊዜ አይሱዙ ላይ ማቆም አልፈለገችም።

ቅዳሜ ሹፌሩ ቁልፉን በወረቀት ጠቅልሎ ለኮአንግ አቀበለ። ኮአንግ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ገፋው። ኛኪየር ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት ኮአንግ። «እንዳትገቢ ተብዬአለሁ። ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ፤ የብሎኬት ደንበኛዬ ናት።»

«አልገባም።»

ያለቁት አሥራ አንዱ ቀሚሶች ወጡ። የቀሩት ሦስቱ ግን ጀርባቸው ክፍት ነው፤ ዚፑ አልተገጠመም። ኛጃል አንዱን አንሥታ በክፍተቱ ውስጥ አጮልቃ ኛኪየርን አየቻት። «ይኸው መስኮት» አለች። «እግዚአብሔርን በደንብ ያየዋል፣ ከኋላም።»

«ዚፖቹ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ናቸው» አለች ኛኪየር ለኮአንግ። «ከክር ጋር አውጣልኝ። የሴትዮዋ አይደሉም፤ እነሱ ራሳቸው ገዝተው ያመጧቸው ናቸው።»

ኮአንግ አሰበ፣ ገባ፣ ሦስት ዚፕና አንድ ጥቅል ሰማያዊ ክር ይዞ ወጣ። መርፌው የኛኪየር ነበር። የኮአንግ የብሎኬት ክምር ላይ ተቀመጠች። በማሽን አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው በእጅ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በእያንዳንዱ ስፌት መርፌዋን ወደ ኋላ እየመለሰች ሰፋች፤ በእጅ የተሰፋ ዚፕ የሚበረታው እንዲያ ነው። ኛጃል ከአጠገቧ ቆማ ትጠብቃለች፤ ውኃ አላቀበለቻትም፣ አላመሰገነቻትም። ሦስተኛው ሲያልቅ ዚፑን ሦስት ጊዜ ወደ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ታች ሳበችው፤ አልያዘም።

«ከሥራ ወጥተሻል አሉ» አለች ኛጃል ቀሚሶቹን ስታጣጥፍ።

«ወጥቻለሁ።»

«ጨርቅ አለኝ፤ ለልጄ። ማዶ ላለው ሰው ልሰጠው ነበር።» ኛጃል ወደ ማዶው ሱቅ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ ኛኪየር። «ድምፅሽን አንድ ጊዜ ደግመን እንሰማዋለን። ሁለተኛ ከዋሸን በአምባ ላይ ብትጮኺም የሚሰማሽ የለም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆኗል። ወይዘሮ የሺአረግ አልታረቁም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ጃንጥላቸውን ወደ ኛኪየር በኩል ያዘነብላሉ። ሱቃቸው ዓርብ እንደተባለው ተከፍቷል፤ ቻናሉም አለ፤ ተከታዩም ብዙ ነው፣ የከተማው ሰው አልቀረባቸውም። አሁንም ሲዘጉ ማታ ላይ በአበባ ያስታውቃሉ። ከጀዊ ግን አውቆ የሚሄድ የለም።

ኛኪየር ቤቷ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ ማሽን ተክላለች፤ የእናቷ ወንድም የተጠቀመበት ነው፤ መብራት አይፈልግም። አዲስ ቻናል ከፍታለች፤ ተከታዩ ሦስት መቶ አርባ ነው። በእያንዳንዱ ማስታወቂያዋ የማይለወጡ አምስት ነገሮች አሉ፤ ከመቼ፣ እስከ መቼ፣ በማን ሰዓት አቆጣጠር፣ ያስረከባችሁት ዕቃ የት እንዳለ፣ እንዲሁም ማን ጋ እንደምትደውሉ። መዘጋቷን ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ትናገራለች። ጨርቁን መልሺልኝ የሚል ሲመጣ ትመልሳለች። ባለፈው ወር አጎቷ ጎግ ወረዳ ውስጥ ሞተው ለቅሶ ስትሄድ ሦስት ደንበኛ ጨርቁን ወስዶ ማዶ ሄዷል። ወይዘሮ የሺአረግ እውነታቸውን ነበር፤ ጨርቁ ይሄዳል። ኛኪየር ይህን አትክድም። ሁለቱ አልተመለሱም።

አንዳንድ እናቶች ዛሬም በስልካቸው አሮጌውን ቻናል ይዘው፣ ድምፅዋን እየጠበቁ ነው። አራት ሴቶች ባለፈው ሳምንት የቀድሞው ሱቅ በር ላይ ቆመው ተገኝተዋል፤ ወይዘሮ የሺአረግ ወደ ውስጥ ጠርተዋቸው ነበር፤ ኛኪየር የት እንደሄደች ግን አልነገሯቸውም። ስለዚህ ታሪኳ ይጻፍ ሲባል ኛኪየር በአንድ ነገር ተስማማች። መጨረሻው ላይ የሚነበበው የሷ ልመና እንዲሆን ነው፤ እንዳለችው እነሆ፦

«ይህን ያነበባችሁት አማርኛ ስለምታነቡ ነው። ደንበኞቼ አያነቡትም። ስለዚህ ወደ ጀዊ የምትሄዱ ሹፌሮች፣ ነርሶች፣ የዕርዳታ ሠራተኞች፣ እባካችሁ ውኃ መቅጃው ጋ ስትደርሱ በአፋችሁ ንገሩልኝ። ‹ኛኪየር የድሮው ሱቅ የለችም። ከባሮ ድልድይ በታች አባቷ ቤት በረንዳ ላይ ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በእናንተ ሰዓት ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ክፍት ነው። የድሮው ቻናል ላይ ድምፅ ብትሰሙ የሷ አይደለም› በሉ። አማርኛ የሚሰማ ካጣችሁ ደግሞ ስልካችሁን አውጥታችሁ ደውሉልኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ጄሪካን ላይ አስቀምጡትና እኔው እነግራቸዋለሁ።»